ማጣሪያው የት ድረስ ይድረስ?

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ቅርንጫፎች ያሉት አንድ ዳቦ ቤት አለ እንበል፤ ቦሌ፣ ፒያሳ፣ መርካቶና ሳሪስ። የሂሳብ ሠራተኛዋ የሽያጩን መረጃ ከኤክሴል ወደ ፓወር ቢአይ አስገብታ ለሥራ አስኪያጁ አንድ የሪፖርት ገጽ አዘጋጅታለች። ከገጹ አናት ላይ ወር የሚመረጥበት ስላይሰር አለ። ከሥሩ ጠቅላላ ሽያጩን በአንድ ቁጥር የሚናገር ካርድ፣ ቅርንጫፎቹን የሚያወዳድር ባር ቻርት፣ ሽያጩን በዳቦ ዓይነት የሚከፋፍል ሌላ ባር ቻርት፣ እንዲሁም ከሐምሌ ጀምሮ ሽያጩ ከወር ወር እንዴት እንደሄደ የሚያሳይ ላይን ቻርት ተደርድረዋል።

ሥራ አስኪያጁ ከስላይሰሩ ላይ ጥርን መረጡ። ካርዱ የጥርን ሽያጭ አሳየ፤ ባር ቻርቶቹም ወደ ጥር ዞሩ። ላይን ቻርቱ ግን መስመሩ ጠፍቶ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችው።

የተበላሸ ነገር የለም። ፓወር ቢአይ አንድ ገጽ ላይ የተቀመጡትን ቻርቶች ሁሉ፣ ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ፣ እርስ በርስ አያይዞ ያስቀምጣቸዋል። አንዱ ላይ የተመረጠው ነገር ለሁሉም ይደርሳል። ችግሩ ቻርቶቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አለመሆኑ ነው። ካርዱ «በጥር ምን ያህል ተሸጠ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ ወሩ ሲመረጥ መልሱ ይጠራል። ላይን ቻርቱ የተሠራው ግን «ጥር ከሌሎቹ ወራት አንጻር እንዴት ነበር?» ለሚል ጠያቂ ነው። ሌሎቹ ወራት ከተወሰዱበት የሚያወዳድረው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ የወሩ ማጣሪያ ሦስቱ ጋ መድረስ፣ አራተኛው ጋ ደግሞ መቆም አለበት። ይህን የማድረጊያ መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚያዝበት ወሰንም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ «Edit interactions» ይባላል። ሠራተኛዋ በመጀመሪያ የወሩን ስላይሰር ጠቅ አድርጋ ትመርጣለች። ከላይ ባለው ሪባን ላይ «Format» የሚል ትር ይመጣል፤ በውስጡ «Edit interactions» የሚለውን ስትጫን በገጹ ላይ ያሉት ሌሎች ቻርቶች ጥግ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ብቅ ይላሉ። በላይን ቻርቱ ላይ «None» የሚለውን፣ ክብ ውስጥ መስመር ያለበትን ምልክት ትጫናለች። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የትኛውንም ወር ቢመርጡ መስመሩ አይነካም። ሥራው ሲያልቅ ያንኑ ቁልፍ እንደገና ተጭኖ ምልክቶቹን ማጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የተቋረጠው ከወሩ ስላይሰር ወደ ላይን ቻርቱ የሚሄደው አንድ መስመር ብቻ ነው። ላይን ቻርቱ ከገጹ አልተነጠለም። ሥራ አስኪያጁ በቅርንጫፎቹ ባር ቻርት ላይ ፒያሳን ቢጫኑ መስመሩ አሁንም የፒያሳን ብቻ ለማሳየት ይለወጣል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያለውን ግንኙነት ማንም አልነካውም። ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫም ነው። ስላይሰሩ መስመሩን እንዳይነካ መደረጉ፣ መስመሩ ላይ ታኅሣሥ ሲጫን ባር ቻርቶቹ እንዳይለወጡ አያደርግም። ያን የፈለገ ላይን ቻርቱን መርጦ፣ ምልክቶቹን በሌሎቹ ላይ እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል። አምስት ነገሮች ባሉበት ገጽ ላይ እያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ አራት ሊደርስ ስለሚችል እስከ 20 ግንኙነት ይቆጠራል። ገጽ ላይ አሥራ አምስት ቻርት የሚጭኑ ሰዎች ሪፖርታቸውን መቆጣጠር የሚያቅታቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሳነስ ከማስተካከል ይቀድማል።

ከ«None» ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ «Filter» እና «Highlight»። የሁለቱ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ይገባል። ለማስረዳት ያህል፣ በጥር ቦሌ 400 ሺህ ብር፣ ፒያሳ 300 ሺህ፣ መርካቶ 200 ሺህ፣ ሳሪስ 100 ሺህ ሸጡ እንበል። ድምሩ 1 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ የአምባሻ ሽያጭ በአራቱም ቅርንጫፍ 250 ሺህ፣ በፒያሳ ብቻ ደግሞ 150 ሺህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፒያሳን ሲጫኑ የዳቦ ዓይነቶቹ ቻርት «Highlight» ላይ ከሆነ የአምባሻው ባር 250 ሺህ ላይ እንደቆመ ይደበዝዛል፤ በውስጡ 150 ሺህ ያህሉ ደምቆ ይታያል። ከአምባሻ ሽያጭ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከፒያሳ መምጣቱ በአንድ እይታ ይታወቃል። «Filter» ላይ ከሆነ ግን 250 ሺህ የሚባል ነገር ከዓይን ይጠፋል፤ 150 ሺህ የሚል ባር ብቻ ይቀራል። ፒያሳ ራሱ ምን እንደሸጠ ለማየት ይህ ይጠራል፤ ፒያሳ ከጠቅላላው ምን ድርሻ እንዳለው ለማየት ግን ማድመቁ ይሻላል።

ይህ ልዩነት ከፓወር ቢአይ በጣም ይቀድማል። በ1987 እ.ኤ.አ. በቤል ላብራቶሪዎች ይሠሩ የነበሩት ሪቻርድ ቤከርና ዊልያም ክሊቭላንድ «ቴክኖሜትሪክስ» በተባለው የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በአንዱ ግራፍ ላይ የተመረጡ ነጥቦች ጎን ለጎን በተቀመጡት ሌሎች ግራፎች ላይም አብረው የሚለዩበትን ዘዴ አስረድተው ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነጥቦችን ማድመቅና ነጥቦችን ማስወገድ የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ተቀምጠዋል። ዛሬ በቻርቶቹ ጥግ ላይ የሚታዩት ሁለት ምልክቶች የሚለያዩት በዚያው ነው።

ማድመቅ ለሁሉም ቻርት አይሆንም። ባርና ኮለም ቻርት ይቀበሉታል፤ ካርድ፣ ሠንጠረዥና ላይን ቻርት ግን የተመረጠውን ይዘው ሌላውን ያጣራሉ። ከዚህ የሚመጣ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ፒያሳን ተጭነው ስልክ ሊያነሱ ሄዱ። ሲመለሱ ላይን ቻርቱን አዩ፤ የመስመሩ ከፍታ እንደቀድሞው ነው፤ ምክንያቱም በግራ በኩል ያለው ሚዛን ራሱን ከአዲሱ ቁጥር ጋር አስተካክሎ ከ1 ሚሊዮን ወደ 300 ሺህ ወርዷል። «ድርጅታችን ጥር ላይ ወርዷል» ብለው ለስብሰባ ተነሡ። የወረደው ፒያሳ ብቻ ነበር። ለዚህ ገጽ የሚበጀው ሁለት ዓይነት ውሳኔ ነው፤ ወይ መስመሩ ከቅርንጫፉ ቻርትም ተለይቶ ሁልጊዜ የድርጅቱን ይናገር፣ ወይ ደግሞ የሚከተለውን ቅርንጫፍ ስም በርእሱ ላይ እየለዋወጠ ይጻፍበት። ሁለቱንም ሳያደርጉ መተው ግን ሪፖርቱን ወጥመድ ያደርገዋል።

ማድመቅ የሚያሳስትበት ሌላ ቦታ አማካይ ነው። በደረሰኝ የሚከፈለው አማካይ ዋጋ በአራቱ ቅርንጫፎች 60 ብር፣ በቦሌ ግን 80 ብር ቢሆን፣ ቦሌ ሲጫን የሚደምቀው ቁጥር ከሙሉው ይበልጣል። ከፊል ከሙሉ የሚበልጥበት ሥዕል ማንንም ያደናግራል። የሚደመር ቁጥር፣ እንደ ሽያጭና ብዛት ያለው፣ ይደመቅ፤ አማካይና መቶኛ ግን ይጣራ። ገጹ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቁጥር የተሞላ ከሆነ ቻርቶቹን አንድ በአንድ መቀየር አያስፈልግም። በ«Options» ውስጥ፣ አሁን ለተከፈተው ፋይል ብቻ በሚሠራው የ«Report settings» ክፍል፣ መነሻውን ከማድመቅ ወደ ማጣራት የሚቀይር ምርጫ አለ።

«Edit interactions» የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ሠራተኛዋ በሁለተኛው ሳምንት ያገኘችው እሱን ነው። ገጹ የ2017 በጀት ዓመትን ብቻ እንዲያሳይ ብላ በቀኝ በኩል ባለው የማጣሪያ ክፍል፣ «Filters on this page» ከሚለው ሥር ዓመቱን 2017 አድርጋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የአምናውም ሽያጭ ጎን ለጎን ይታይ ስላሉ አዲስ ካርድ ጨመረች፤ ለካርዱም በ«Filters on this visual» ሥር ዓመቱን 2016 አለችው። ካርዱ ባዶ ወጣ።

ምክንያቱ ማጣሪያዎች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረቡ ነው። ካርዱ የተጠየቀው 2017ም 2016ም የሆነ ሽያጭ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽያጭ ደግሞ የለም። የካርዱ ማጣሪያ የገጹን አይሽርም፣ ያጠብበዋል እንጂ። ከገጹ ማጣሪያ አንድን ቻርት ነጻ ማውጫ ምልክትም የለም፤ የማጣሪያው ክፍል ገጹ ላይ የተቀመጠ ቻርት ስላልሆነ ጠቅ ተደርጎ ግንኙነቱ አይስተካከልም። እዚህ ያሉት መውጫዎች ሁለት ናቸው። ዓመቱን ከማጣሪያው ክፍል አውጥቶ ስላይሰር ማድረግና ወደ አምናው ካርድ ያለውን ግንኙነት «None» ማድረግ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ውሳኔውን ወደ ቀመሩ ማስገባት ነው።

```
Sales 2016 =
CALCULATE(
    [Total Sales],
    'Date'[Year] = 2016
)
```

`CALCULATE` በዚያው የዓመት ዓምድ ላይ ከውጭ የመጣውን ማጣሪያ አንሥቶ በራሱ ይተካዋል። ስለዚህ ገጹ 2017 ላይ ቢቆምም ይህ ቀመር የ2016ን ይሰጣል። ልብ መባል ያለበት፣ የሚተካው ቀመሩ ውስጥ የተጠቀሰው ዓምድ ላይ ያለውን ማጣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ቅርንጫፉ ፒያሳ ተብሎ ከተመረጠ ቁጥሩ የፒያሳ የ2016 ሽያጭ ይሆናል፤ ለንጽጽርም የሚፈለገው እሱ ነው።

ቀመር የሚፈታው ሌላ ጥያቄ ድርሻ ነው። በአንድ ቻርት ውስጥ፣ በአንድ ስሌት ውስጥ፣ ከላይ ያለው ቁጥር ማጣሪያውን ሲሰማ ከታች ያለው ደግሞ አለመስማት አለበት። «Edit interactions» ቻርቱን በሙሉ ይይዛል ወይም ይለቃል እንጂ የስሌቱን ግማሽ መያዝ አይችልም።

```
Branch Share =
DIVIDE(
    [Total Sales],
    CALCULATE([Total Sales], REMOVEFILTERS(Branch))
)
```

በጥር ላይ ቆሞ፣ የፒያሳ 300 ሺህ ለ1 ሚሊዮን ይካፈላል፤ 30 በመቶ ይወጣል። የወሩ ማጣሪያ ከላይም ከታችም ስላለ የጥር ሽያጭ ለጥር ሽያጭ ይካፈላል። አሁን ገጹ ላይ የቅርንጫፍ ስላይሰርም ተጨምሮ፣ ሥራ አስኪያጁ ከእሱ ላይ ፒያሳንና መርካቶን ብቻ መረጡ እንበል። `REMOVEFILTERS` የቅርንጫፉን ምርጫ ከታች ስለሚያነሣው ድርሻቸው 30 እና 20 በመቶ እንደሆነ ይቀራል። በቦታው `ALLSELECTED(Branch)` ቢገባ ግን ከታች ያለው ቁጥር የተመረጡት የሁለቱ ድምር፣ 500 ሺህ፣ ይሆናል፤ ፒያሳ 60፣ መርካቶ 40 በመቶ ይሆናሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። አንዱ «ከድርጅቱ ስንት?» ይላል፤ ሌላው «ካወዳደርኳቸው መካከል ስንት?»። ቀመሩን የሚጽፈው ሰው የትኛው እንደሚጠየቅ ከሥራ አስኪያጁ አፍ መስማት አለበት፤ ከቢሮው ሆኖ ሊገምተው አይገባም።

የተገላቢጦሹ ችግርም አለ፤ ማጣሪያው እንዲደርስ እየተፈለገ የማይደርስበት። ምልክቶቹ ሁሉ «Filter» ላይ ናቸው፤ ሆኖም ስላይሰሩ ሲነካ ቻርቱ ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ምልክቶቹን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ምርጫው ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው የሚያልፈው፣ እንደ መስኖ ውሃ፣ ቦይ በተቀደደለት በኩል ብቻ ነው፤ ቦዩ በሞዴሉ ውስጥ በሠንጠረዦቹ መካከል የተሰመረው ግንኙነት ነው። ሠራተኛዋ የወጪውን መረጃ በሌላ ሠንጠረዥ አምጥታ ከቅርንጫፎቹ ሠንጠረዥ ጋር ካላገናኘችው፣ የወጪው ቻርት ቅርንጫፍ ቢመረጥም አይሰማም። መለያውም ቀላል ነው። ወጪን በቅርንጫፍ የሚያሳይ ባር ቻርት ሲሠራ አራቱም ባሮች እኩል ከቆሙና እያንዳንዳቸው ጠቅላላውን ወጪ ካሳዩ ግንኙነቱ የለም ማለት ነው።

አንድ ቻርት ለምን እንዲህ ያለ ቁጥር እንደሚያሳይ ሲያጠራጥር መጀመሪያ የሚታየው ቦታ የራሱ የቻርቱ ጥግ ነው። በዚያ ያለው የማጣሪያ ምልክት ላይ ጠቋሚው ሲቆም በአሁኑ ሰዓት ያን ቻርት የያዙት ማጣሪያዎችና ስላይሰሮች ዝርዝር ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ስልክ አንሥተው ሲመለሱ ይህን ቢያዩ ኖሮ ፒያሳ የሚለውን ስም ያገኙት ነበር። ሪፖርት ለሰው ከመስጠት በፊት እያንዳንዱን ቻርት በዚህ መንገድ መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

ስላይሰሮች እርስ በርሳቸው የሚነካኩበትም ጊዜ አለ። መረጃው ሁሉ በአንድ ሰፊ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከመጣ፣ ወርና ቅርንጫፍ የተባሉት ሁለት ስላይሰሮች አንዱ የሌላውን ዝርዝር ያጠብባል። ሳሪስ ለእድሳት ተዘግቶ በከረመበት ወር ላይ የቆመ ሰው በቅርንጫፎቹ ዝርዝር ውስጥ ሳሪስን አያገኘውም፤ መረጃው የጠፋ ይመስለዋል። በሁለቱ ስላይሰሮች መካከል ያለውን ግንኙነት በሁለቱም አቅጣጫ «None» ማድረግ ዝርዝሩን ሙሉ አድርጎ ያቆየዋል። በሌላ በኩል ዝርዝሩ ረጅም በሆነበት፣ ለምሳሌ ክልል ሲመረጥ ወረዳዎቹ እንዲያጥሩ በሚፈለግበት ሪፖርት፣ ያንኑ ግንኙነት መተው ነው የሚሻለው።

ሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ሲኖረው ነገሩ ይሰፋል። በ«View» ትር ውስጥ ባለው «Sync slicers» አማካይነት የወሩ ምርጫ በሌሎች ገጾችም እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ስላይሰሩ እንዲታይ ወይም እንዳይታይም መወሰን ይቻላል። ሆኖም በመጀመሪያው ገጽ የተደረጉት «None»ዎች የዚያ ገጽ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ገጽ ያለ ላይን ቻርት እንደገና ወደ አንዲት ነጥብ ይወርዳል፤ ስላይሰሩ ከተደበቀ ደግሞ አንባቢው የቻርቱን የማጣሪያ ምልክት ካልፈተሸ በቀር ምክንያቱን አያየውም። የተደበቀ ስላይሰር በሚሠራበት ገጽ ላይ የተመረጠው ወር ስም ቢያንስ በካርድ መታየት ይኖርበታል።

በኤክሴል ፒቮት ለሚሠሩ አንባቢዎችም መንገዱ ሩቅ አይደለም። ስላይሰሩ ላይ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ «Report Connections» የሚል ይመጣል፤ በዚያ ላይ ስላይሰሩ የሚያዛቸው ፒቮቶች ይመረጣሉ፣ የማያዛቸው ይተዋሉ። የሚፈለገው ፒቮት በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሌላ ምንጭ መሠራቱ ነው። በኤክሴል ያለው ምርጫ ማጣራት ወይም አለማጣራት ብቻ ነው፤ ማድመቅ የለም።

አንድ ነገር በጥብቅ ሊነገር ይገባል። ግንኙነት መቁረጥ መረጃ መደበቅ አይደለም። አንድ የቅርንጫፍ ኃላፊ የሌላውን ሽያጭ እንዳያይ ከተፈለገ ሥራው የሚሠራው በ«Edit interactions» ሳይሆን በ«Manage roles» ነው፤ እዚያ የሚሰጠው ገደብ እያንዳንዱ ሰው የትኞቹን ረድፎች እንደሚያይ ይወስናል። ይህን ገደብ `REMOVEFILTERS`ም አያነሣውም። የፒያሳ ኃላፊ የፒያሳን ረድፎች ብቻ እንዲያዩ ከተደረገ፣ የድርሻው ቀመር ለእሳቸው ምንጊዜም 100 በመቶ ይላል፤ ከድርጅቱ ያላቸውን ድርሻ እንዲያውቁ ከተፈለገ ጠቅላላ ድምሩ ገደብ በሌለበት ሌላ ሠንጠረዥ ተሰልቶ መቀመጥ አለበት።

በዳቦ ቤቱ ገጽ ላይ የቀረው የላይን ቻርቱ ርእስ ነው። ቀድሞ «የሽያጭ ጉዞ» ይል ነበር። ስላይሰሩ ጥር ላይ ቆሞ መስመሩ ዓመቱን ሙሉ ሲያሳይ፣ ገጹን የሚያየው ሰው ሁሉም ነገር የጥር እንደሆነ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ መስመሩ ከቅርንጫፍ ምርጫም እንዲለይ ከተደረገ በኋላ «ሽያጭ ከሐምሌ ጀምሮ፣ አራቱም ቅርንጫፎች፤ የወርና የቅርንጫፍ ምርጫ አይለውጠውም» ተብሎ ይጻፍበት። ከማጣሪያ ነጻ የወጣ ቻርት ሁሉ ነጻ መውጣቱን በራሱ ርእስ ላይ ይናገር።